ኢሜይሉ ይለዝብ፣ ጥያቄው አይላላ

ለሌላ ክፍል ባልደረባ በንዴት የሚጻፍ ኢሜይል ከትሕትናው ይልቅ መረጃው ይጎድላል። ጸሐፊው ጉዳዩን ሲያብሰለስል ስለሰነበተ አንባቢውም እኩል የሚያውቀው ይመስለዋል። የትኛው ዕቃ፣ በስንት ብር፣ በየትኛው ቀን የሚለውን ዘሎ «ሁሌም»፣ «በተደጋጋሚ»፣ «በጥብቅ» በሚሉ ቃላት ገጹን ይሞላል። ተቀባዩ አንብቦ ሲጨርስ መሰደቡ ይገባዋል፤ ምን እንደተፈለገበት ለማወቅ ግን እንደገና መጠየቅ አለበት። ስለዚህ ኢሜይሉን እንደገና የሚጽፍ ሰው ሁለት ሥራ ይጠብቀዋል፤ የሚያስቀይመውን ማውጣትና የጎደለውን መሙላት። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ሠርቶ ያቆማል፤ ያኔ ደብዳቤው ለጆሮ ይጥማል እንጂ ሥራ አያሠራም።

ጉዳዩ ወደ ሌላ ክፍል ሲሻገር ለምን እንደሚከብድ ማየት ያስፈልጋል። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሠራተኞች ባይስማሙ የጋራ አለቃቸው ጠርቶ ያስማማቸዋል፤ ካልሆነም ያዛል። የሒሳብ ክፍል ባለሙያ ግን የግዢ ክፍል ባልደረባዋን ማዘዝ አትችልም። አለቃው ሌላ ነው፣ የሥራው መለኪያም ሌላ ነው። እሱ የሚጠየቀው ዕቃው በሰዓቱ ካልተገዛ ነው፤ ደረሰኙ ቢዘገይ ወሩ የማይዘጋው የእሷ ነው። እሱ ቸልተኛ የሚመስለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ የእሷ እሳት እሱ ጋ አይደርስም። ሥልጣን በሌለበት ጥያቄ የሚቆመው በሁለት ነገር ነው፤ በምክንያቱ ጥንካሬና በተጠያቂው ፈቃደኝነት። የቁጣ ኢሜይል የመጀመሪያውን ሳይጠቅስ ሁለተኛውን ያበላሻል።

ነገሩ በአንድ ጉዳይ ላይ ቢታይ ይሻላል። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ መካከለኛ የንግድ ድርጅት ጥቅምት 12 ቀን ለሁለት የጭነት መኪናዎች ጎማ ገዛ እንበል። ዋጋው 400,000 ብር ነው፤ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጨመርበት 460,000 ይሆናል። ጎማው ተገጥሞ መኪኖቹ ሥራ ጀምረዋል፤ ዋናው ደረሰኝ ግን ሒሳብ ክፍል አልደረሰም። የጥቅምት ወር የታክስ ሪፖርት ኅዳር ከማለቁ በፊት መግባት አለበት። ደረሰኝ ከሌለ ድርጅቱ በግዢው ላይ የከፈለውን 60,000 ብር ታክስ ከሽያጭ ከሰበሰበው ላይ በዚያ ሪፖርት ማቀናነስ አይችልም። የሒሳብ ባለሙያዋ ኅዳር 3 በኢሜይል፣ ኅዳር 11 በስልክ ጠይቃለች። ሐሙስ ኅዳር 18፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ትዕግሥቷ ሲያልቅ የጻፈችው የሚከተለው ነው።

> ጉዳዩ፦ ደረሰኝ!!!
>
> አቶ እገሌ፣
>
> እንደሚታወቀው የጎማውን ደረሰኝ በተደጋጋሚ ጠይቄህ እስካሁን አላመጣህም። ግዢ ክፍል ሁሌም እንዲህ ነው፤ እናንተ ገዝታችሁ ትገላገላላችሁ፣ ጣጣው እኛ ላይ ይቀራል። በአንተ ምክንያት ወር መዝጋት አልቻልኩም። ደረሰኙን ዛሬውኑ እንድታመጣ በጥብቅ አሳስባለሁ። ካልሆነ ለሚመጣው ነገር ኃላፊነቱን ራስህ ትወስዳለህ።
>
> ግልባጭ፦ ለፋይናንስ ኃላፊ፣ ለግዢ ኃላፊ፣ ለዋና ሥራ አስኪያጅ

ይህ ኢሜይል በየመሥሪያ ቤቱ የሚታይ ነው፤ ጸሐፊዋም ክፉ ሰው አይደለችም። ለማረም የሚቀለው መንገድ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ለብቻው ይዞ «ይህ በሰነድ ሊታይ ይችላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ደረሰኙ አለመድረሱ ይታያል። መጠየቋም ይታያል፤ «በተደጋጋሚ» የሚለው ግን አይታይም፤ ሁለት ጊዜ ነው ወይስ አሥር? «ግዢ ክፍል ሁሌም እንዲህ ነው» የሚለውን አንድም ሰነድ አይደግፈውም፤ ደግሞም አንድን ሰው በመውቀስ ፋንታ መላውን ክፍል ያስቆጣል። የግዢ ኃላፊው ግልባጩ ሲደርሰው ስለ ደረሰኙ መጠየቁን ይተውና ስለ ክፍሉ ስም መሟገት ይጀምራል። «በአንተ ምክንያት» የሚለውም ገና ያልተጣራ ነገር ነው። ደረሰኙ በእሱ እጅ መሆኑን እንኳ ጸሐፊዋ አታውቅም።

ማጣራቱ ሲያልቅ በእጅ የሚቀረው እውነት እጅግ ጥቂት ነው፤ «የጎማ ደረሰኝ አልደረሰም»። ከየትኛው አቅራቢ እንደተገዛ፣ መቼ፣ በስንት ብር፣ ለምን እንደሚያስቸኩል አልተጻፈም። ከሁሉም የሚያስገርመው ጉዳዩን ክብደት የሚሰጡት ሁለት ቁጥሮች፣ 60,000 ብርና ኅዳር 30፣ በደብዳቤው ውስጥ አለመኖራቸው ነው። ቁጣው የእነሱን ቦታ ይዟል።

ዛቻውም ባዶ ነው። «ኃላፊነቱን ራስህ ትወስዳለህ» የሚለው ከአለቃ አፍ ሲወጣ ትርጉም ይኖረዋል፤ ከሌላ ክፍል ባልደረባ ሲመጣ ግን ተቀባዩ «በምን ሥልጣንሽ?» ይላል፣ በልቡም ቢሆን። «ዛሬውኑ» የሚለው ደግሞ በ9 ሰዓት ለተላከ ኢሜይል የሚፈጸም አይደለም። ሊፈጸም የማይችል ቀነ ገደብ የሚሰጥ ሰው የሚቀጥለው ቀነ ገደቡም አይከበርለትም።

ቁጣ በጽሑፍ ሲሆን ለምን እንደሚገዝፍ የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ጀስቲን ክሩገርና ኒኮላስ ኤፕሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ ላይ ሰዎች ከቁም ነገርም ከአሽሙርም የሆኑ ዓረፍተ ነገሮችን በኢሜይል እንዲልኩ አደረጉ። ላኪዎቹ ተቀባዮች ስሜታቸውን ከመቶ 78 ያህሉን ጊዜ በትክክል ይረዱታል ብለው ገመቱ። ተቀባዮቹ በትክክል የለዩት 56 ያህሉን ብቻ ነበር፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት እምብዛም አይሻልም። ጸሐፊ ሲጽፍ የራሱ ድምፅ በጆሮው ውስጥ ስላለ አንባቢውም የሚሰማው ይመስለዋል። «እስካሁን አልደረሰም» የሚለው በስልክ፣ በሳቅ መሃል ቢነገር ማስታወሻ ነው። በጽሑፍ ግን ማን በምን ድምፅ እንዳለው የሚወስነው አንባቢው ነው፤ ሥራ የበዛበት አንባቢ ደግሞ የከፋውን ድምፅ ይመርጣል።

አማርኛ ለዚህ ሥራ ጥሩ መሣሪያ አለው፤ አደጋም አለው። መሣሪያው ግሡ ነው። ባለቤቱን መሰወር ሲፈለግ «ደረሰኙ አልደረሰም» ይባላል፤ ባለቤቱን ማውጣት ሲፈለግ «ደረሰኙን አላመጣህም»። ሁለቱ ስለ አንድ ነገር ይናገራሉ፤ የመጀመሪያው ግን ወረቀቱን ይወቅሳል፣ ሁለተኛው ሰውየውን። ስለ ጎደለው ነገር ሲጻፍ ሰውየው ከዓረፍተ ነገሩ ቢወጣ እውነቱ አይቀንስም፤ እንዲያውም ይበልጥ ትክክል ይሆናል፤ ምክንያቱም ለምን እንዳልደረሰ ገና አልታወቀም።

አደጋው የሚመጣው ይኸው ስልት ወደ ጥያቄው ሲዛመት ነው። ትሑት ልሁን ያለ ጸሐፊ «ደረሰኙ ቢላክልን መልካም ነው» ብሎ ይጽፋል። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚልክ ሰው የለም። ግዢ ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች ካሉና ኢሜይሉ ለአራቱም ከደረሰ እያንዳንዱ ሌላው የሚልክ መስሎት ይተወዋል። እንግዲህ ሕጉ ተገላቢጦሽ ነው፤ ጉድለቱ ሲነገር ሰው ይሰወር፣ ጥያቄው ሲቀርብ ሰው ይጠራ። የቁጣ ኢሜይል ሁለቱንም በስም ይጠራል፤ የፍርሃት ኢሜይል ሁለቱንም ይሰውራል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ተይዞ የሚሄድ ከሆነ ይኸው ቢሆን ይሻላል።

የጥያቄው ግስ ራሱ ደረጃ አለው። «አምጣ» ትእዛዝ ነው፤ «ያምጡ» ትእዛዝነቱ አይቀርም፣ አንቱታ ብቻ ለብሷል። «እንዲያመጡልኝ እጠይቃለሁ» ግልጽና የጸና ጥያቄ ነው፤ ማን፣ ምን፣ ለማን የሚለው ሁሉ በውስጡ አለ። «ቢያመጡልኝ» የሚለው ለተጠያቂው ምርጫ ይተዋል፤ ቀን ለሌለው ነገር ይበቃል፣ ቀን ላለው ግን አይበቃም። «ማሳሰብ» የሚባለው ግስ በተለይ ጥንቃቄ ይሻል። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ውስጥ ማሳሰቢያ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ነው፤ እኩያ ለእኩያው «አሳስባለሁ» ሲል ራሱን አንድ እርከን ከፍ ያደርጋል። ከፊቱ «በአክብሮት» ቢጨመርበትም ያው ነው። «አስታውሳለሁ» ወይም «እጠይቃለሁ» ቢባል ጥንካሬው ሳይቀንስ እርከኑ ይስተካከላል።

ከግሱ ጋር አንተና እርስዎ ይከተላሉ። በመጀመሪያው ኢሜይል ውስጥ «አቶ» ካለ በኋላ «ጠይቄህ»፣ «አላመጣህም» መከተሉ ለአማርኛ ጆሮ ይሻክራል፤ መከባበሩ በመሃል መንገድ የተቋረጠ ይመስላል። ጸሐፊው ከባልደረባው ጋር በአንተ የሚጠራራ ከሆነና ኢሜይሉ ለእሱ ብቻ የሚሄድ ከሆነ በአንተው ቢጻፍ ምንም አይደለም። በየቀኑ ቡና አብሮ የሚጠጣን ሰው በድንገት «እርስዎ» ማለት እንዲያውም መኳረፍ ሊመስል ይችላል። ሌላ ሰው ግልባጭ ላይ ካለ ግን እርስዎ ይሻላል፤ በአለቆቹ ፊት በአንተ የተጠራ ሰው ያለ ምክንያት ዝቅ እንደተደረገ ይሰማዋል። የማይሆነው በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ሁለቱን መቀላቀል ብቻ ነው።

አሁን የሒሳብ ባለሙያዋ ስሜቷ በረድ ብሎ ደግማ ጻፈች እንበል። ሰው ከቁጣ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳልና ሁለተኛው ረቂቋ እንዲህ ሆነ።

> ጉዳዩ፦ ትንሽ ጥያቄ
>
> ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሥራ እንደሚበዛብዎ እናውቃለን፤ ስላስቸገርንዎ በጣም ይቅርታ። ምናልባት ጊዜ ሲያገኙ የጎማው ደረሰኝ ቢላክልን መልካም ነበር። ካልተመቸ ግን ችግር የለውም። በጣም እናመሰግናለን።

ይህኛው ማንንም አያስቀይምም፤ ማንንም ግን ከወንበሩ አያስነሳም። «ጊዜ ሲያገኙ» የሚለው ቀነ ገደብ የሌለው ፈቃድ ነው። «ችግር የለውም» የሚለው ደግሞ ከእውነት የራቀ ነው፤ ችግሩ 60,000 ብር ነው። የባሰው ነገር በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። ሪፖርቱ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ባለሙያዋ መደናገጧና መቆጣቷ አይቀርም፤ ያኔ ባልደረባው «ችግር የለውም ብላችሁ አልነበር?» ቢል እውነት ከእሱ ጋር ነው። ከልክ ያለፈ ትሕትና የሚቀጥለውን ቁጣ የሚያጠራቅም ነው። ያልተበደለ ሰው ይቅርታ መጠየቁም አንባቢውን ያሳስተዋል፤ ሁለት ጊዜ የጠየቀችው እሷ፣ ይቅርታ የምትለውም እሷ ከሆነች ደረሰኝ ማቅረብ ግዴታ ሳይሆን ውለታ ይመስላል።

ሦስተኛው ረቂቅ የሚነሳው ከቁጥሮቹ ነው።

> ጉዳዩ፦ የጥቅምት 12 የጎማ ግዢ ደረሰኝ፣ እስከ ማክሰኞ ኅዳር 23 የሚፈለግ
>
> ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ፣
>
> ጥቅምት 12 ቀን ለሁለቱ የጭነት መኪናዎች የተገዙት ጎማዎች ዋና ደረሰኝ እስከ ዛሬ ኅዳር 18 ድረስ ለሒሳብ ክፍል አልደረሰም። ግዢው ታክሱን ጨምሮ 460,000 ብር ነው። ኅዳር 3 በኢሜይል፣ ኅዳር 11 ደግሞ በስልክ ተነጋግረንበት ነበር።
>
> የጥቅምት ወር የታክስ ሪፖርት የሚገባው እስከ ኅዳር 30 ነው። ደረሰኙ ከሌለ በግዢው ላይ የተከፈለውን 60,000 ብር ታክስ በዚህ ሪፖርት ማቀናነስ አንችልም።
>
> ስለዚህ ዋናውን ደረሰኝ እስከ ማክሰኞ ኅዳር 23 ከቀኑ 10 ሰዓት እንዲያደርሱልኝ እጠይቃለሁ። ደረሰኙ በእጅዎ ካልሆነ የት እንደደረሰ ነገ ዓርብ ከምሳ በፊት ቢያሳውቁኝ ለአቅራቢው የሚያስፈልገውን ደብዳቤ በእኛ በኩል አዘጋጃለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር

የጉዳዩ መስመር ብቻውን ቢነበብ እንኳ ሥራውን ይሠራል፤ በስልክ ላይ ኢሜይሉን ሳይከፍት የሚያይ ሰው ምን እንደሚፈለግና እስከ መቼ እንደሆነ ያውቃል። ሦስቱ ቃለ አጋኖዎች ከሰጡት ይልቅ ቀኑ የበለጠ ያስቸኩላል። «በተደጋጋሚ» የነበረው በሁለት ቀኖች ተተክቷል፤ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ቀኖቹ ወቀሳ የለባቸውም፤ ነገር ግን አንባቢው ራሱ ቆጥሮ መዘግየቱን ያያል። ኋላ ጉዳዩ አለቆች ዘንድ ቢደርስም ማስረጃ ሆነው ይቆማሉ። «ተነጋግረንበት ነበር» መባሉም ሆን ተብሎ ነው፤ «ነግሬህ ነበር» ከሚለው ጋር አንድ እውነት ይናገራል፣ ጣት ግን አይቀስርም።

የሚያስከትለው ጉዳት በሁለተኛው አንቀጽ ውስጥ እንደ ዛቻ ሳይሆን እንደ ሒሳብ ቀርቧል። ማንም «ኃላፊነቱን ትወስዳለህ» አልተባለም፤ 60,000 ብሩና ኅዳር 30 ብቻ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጉዳቱ የባለሙያዋ ሳይሆን የድርጅቱ መሆኑም ግልጽ ነው፤ «ወር መዝጋት አልቻልኩም» የእሷ ችግር ነበር፣ «ማቀናነስ አንችልም» የሁለቱም ነው።

በሦስተኛው አንቀጽ ሁለት የተለያዩ ግሦች ጎን ለጎን መቆማቸው ልብ ይባል። ደረሰኙን ማድረስ ግዴታ ስለሆነ «እንዲያደርሱልኝ እጠይቃለሁ» ተባለ። የት እንደደረሰ ማሳወቅ ትብብር ስለሆነ «ቢያሳውቁኝ» ተባለ። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ጥብቅነት ቢጻፉ ደብዳቤው ይከብዳል፤ ሁለቱም ቢለሰልሱ ይፈርሳል። ሁለተኛው ጥያቄ ሌላ ጥቅምም አለው። ባልደረባው ሳያፍር እውነቱን የሚናገርበት በር ይከፍትለታል። በመጀመሪያው ኢሜይል ላይ ሊመልስ የሚችለው ወይ መከላከያ ወይ ዝምታ ነበር።

ቀነ ገደቡ ራሱ ጥቂት ቃል ይገባዋል። ሪፖርቱ የሚገባው ኅዳር 30 ሆኖ ሳለ ኅዳር 23 የተጠየቀው ስህተት ቢገኝ ለማረም ጊዜ እንዲተርፍ ነው፤ ከኅዳር 18 ደግሞ ሦስት የሥራ ቀን ስለሚሰጥ ሊፈጸም ይችላል። ዕለቱና ቀኑ አብረው መጻፋቸው ከመሳሳት ያድናል። በሁለት የዘመን አቆጣጠር በሚሠራ ድርጅት ውስጥ «እስከ 23» ብሎ መተው ጠብ መጋበዝ ነው፤ አንዱ ኅዳር ሲል ሌላው ኖቬምበር ይላል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። የውጭ አገር ባልደረባ ካለ «10 ሰዓት» ጠዋት ይመስለዋልና «ከቀኑ» የምትለዋ ቃል አትቅር።

ግልባጩ የት ሄደ? ከሦስተኛው ረቂቅ ወጥቷል። በቢሮ ቋንቋ «ሲሲ ማድረግ» የሚባለው ነገር በወረቀቱ ዓለም መረጃ ማካፈያ ነበር፤ በኢሜይል ግን መክሰሻ ሆኗል። ዋና ሥራ አስኪያጁን ስለ አንድ ደረሰኝ ግልባጭ ማድረግ ለተቀባዩ «በስምህ አቤት ብያለሁ» ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ እሱ የሚጽፈው ለሒሳብ ባለሙያዋ ሳይሆን ለሥራ አስኪያጁ ነው፤ ረጅም፣ በመከላከያ የተሞላ መልስ። አለቃ ማሳወቅ ያስፈልጋል ከተባለ መጀመሪያ የራስ አለቃ በቃል ይነገረዋል። ግልባጭ የሚደረገው ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ነው፤ ያኔም በግልጽ ተነግሮ። ስውር ግልባጭ የሚባለው፣ ተቀባዩ ሳያይ ለሌላ ሰው የሚላከው፣ ጨርሶ ባይሞከር ይሻላል። የታወቀ ዕለት መተማመን ያበቃል፤ ብዙ ጊዜም ይታወቃል፣ ምክንያቱም ስውር ተቀባዩ ሳያስተውል «ለሁሉም መልስ» የሚለውን ይጫናል።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ምን መልስ ያመጣል? በዚህ ጉዳይ ዓርብ ጠዋት የመጣው መልስ እንደሚከተለው ነው እንበል። ደረሰኙ ላይ የድርጅቱ የቲን ቁጥር አንድ አሐዝ ተሳስቶ ስለታተመ የግዢ ባልደረባው ለአቅራቢው መልሶታል፤ አቅራቢው ለማስተካከል ከድርጅቱ ደብዳቤ ጠይቋል፤ ያ ደብዳቤ ማን እንደሚጽፈው ስላልታወቀ ሁለት ሳምንት አልፏል። ሰውየው ቸል አላለም ማለት ነው፤ ሒሳብ ክፍል ስህተት ያለበት ደረሰኝ ይዞ ቢመጣ እንደማይቀበለው አውቆ የራሱን ሥራ ሠርቷል። ጥፋቱ አለማሳወቁ ነው። የመጀመሪያው ኢሜይል ተልኮ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ከስድብ ልውውጥ በኋላ ይታወቅ ነበር፤ ባለሙያዋም በሦስት አለቆች ፊት ያልተጣራ ነገር በመጻፏ የምታፍረው እሷ ነበረች።

መልስ ባይመጣስ? ማክሰኞ 10 ሰዓት ካለፈ የሚጻፈው ሁለተኛ ኢሜይል ከመጀመሪያው ያጠረ መሆን አለበት። ያንኑ ኢሜይል አስቀጥሎ ከላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ መጨመር ይበቃል፤ «ዋናው ደረሰኝ እስከ ትናንት 10 ሰዓት አልደረሰም። ሪፖርቱ ሊገባ ስድስት ቀን ስለቀረው ለሁለታችንም ኃላፊዎች ግልባጭ አድርጌያለሁ። ነገ ጠዋት በአካል ቢሮዎ እመጣለሁ፤ የጎደለ ነገር ካለ አብረን እንጨርሰዋለን።» እዚህ ላይ ጥንካሬው ከቃላት አልመጣም፤ ግልባጩ፣ የቀረው ቀንና በአካል መምጣቷ አምጥተውታል። ሦስተኛ ኢሜይል አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የሁለቱ ኃላፊዎች ነው፤ ጸሐፊዋም ቀኖቹን በሙሉ የያዘ የደብዳቤ ሰንሰለት በእጇ አለ።

ሁሉም ነገር በዚህ መንገድ ይለዝባል ማለት ግን አይደለም። ገንዘብ ጎድሎ ከተገኘ፣ ሰው የሚጎዳ የሥራ አደጋ ካለ፣ ወይም አንድ ሰው ባልደረባውን ካዋረደ ጉዳዩ ከባልደረባ ኢሜይል በላይ ነው፤ በክፍል ኃላፊ ፊርማ፣ በመደበኛ ደብዳቤ፣ «ማሳሰብ» የሚለው ግስ በትክክለኛ ቦታው ሆኖ ይጻፋል። በተቃራኒው ደግሞ ኢሜይል ጨርሶ የማያስፈልግበት ጊዜ አለ። ሁለቱ ቢሮዎች በአንድ ፎቅ ላይ ከሆኑ ሄዶ ጠይቆ፣ ተመልሶ «አሁን እንደተነጋገርነው ደረሰኙ ማክሰኞ ይደርሰኛል» የሚል አንድ መስመር መላክ ከሁሉም ይበልጣል። የማይመከረው የመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ሠላሳ ሰው ባለበት ግሩፕ «ደረሰኙስ?» ብሎ መጻፍ በሠራተኛው ሁሉ ፊት መጥራት ነው፤ ያውም የጽሑፍ ማስረጃነቱ በቀልድና በመልካም ልደት ምኞት መሃል ይጠፋል።

አንድ የአሠራር ነገር ቀርቷል። በቁጣ የሚጻፍ ኢሜይል መጻፉ ችግር የለውም፤ እንዲያውም የመጀመሪያው ረቂቅ በቁጣ ቢጻፍ ምን እንደሚያበሳጭ በደንብ ያሳያል። ችግሩ መላኩ ነው። ስለዚህ የተቀባዩ አድራሻ ከሁሉም በኋላ ይሞላ፤ ለመጣ ኢሜይል መልስ ከሆነም አድራሻው አስቀድሞ ይጥፋና ሲያልቅ ይመለስ። በማግስቱ ጠዋት፣ አቅራቢውንም ጎማውንም የማያውቅ ሰው ሆኖ አንዴ ይነበብ። ጂሜይል የተላከን መልእክት ለመመለስ የሚሰጠው ረጅሙ ጊዜ 30 ሰከንድ ነው።